ዳኛ የሌለው ዕቁብ፦ ስለተሰረዘ ስቶፕ ሎስ

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በ8,000 ዶላር የኢንዴክስ ፈንድ ገዝቼ፣ 10% ከወረደ ይሸጥ ብዬ ስቶፕ ሎስ አስገብቼ ነበር። ዋጋው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ፈራሁና ሰረዝኩት። ደግነቱ በሳምንቱ ተመለሰ። ብተወው ኖሮ በከንቱ ይሸጥብኝ ነበር። ጓደኛዬ ግን ‹ትልቅ ስህተት ነው የሠራኸው› ይለኛል። ትርፍ ላይ እያለሁ ስህተቱ ምኑ ላይ ነው? መልሼስ ላስገባው?»

መልስ፦

ጓደኛህ ልክ ነው። ግን ለምን ልክ እንደሆነ በቁጥር ብቻ ባስረዳህ አታምነኝም። ለጊዜው ቁጥሩ ካንተ ጋር ነዋ! ስለዚህ አንተ የሠራኸውን ነገር ካንተ በፊት የሠራች የአንዲት ሴት ታሪክ ልንገርህ። ስሟን አልጠራም። ታሪኩን ግን ለሰው እንድናገረው ፈቅዳልኛለች፤ «እንደኔ የሚሞኝ ካለ ንገርልኝ» ነው ያለችኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ያኔ ዋሽንግተን መሃል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ቁርስ ቤት ትሠራ ነበር። ቁጥብ ናት። በ2019 መጨረሻ የዕቁብ ዕጣዋ ወጣላትና 12,000 ዶላር በእጇ ገባ። ቀድማ ያስቀመጠችው 8,000 ነበራት። ድምሩ 20,000 ለኮንዶሚኒየም ቅድመ ክፍያ የታሰበ ነው፤ ቤቱን በ2020 ሰኔ አካባቢ ልትገዛ። እስከዚያ ባንክ ውስጥ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ «ትንሽ ይሥራ» አለች። ሥራ ላይ አንድ ልጅ ስልኩን አውጥቶ የአክሲዮኑን ግራፍ ሲያሳያት ልቧ ተነሳ።

ጃንዋሪ 2020 ላይ SPY የሚባለውን የኢንዴክስ ፈንድ ገዛች። አሜሪካ ውስጥ ያሉ አምስት መቶ የሚሆኑ ትልልቅ ኩባንያዎችን በአንድ ላይ የያዘ ነው። አንዱ ሼር 330 ዶላር ገደማ ነበር። 60 ሼር ገዛች፤ 19,800 ዶላር። የቀረችው 200 ዶላር ብቻ።

እዚህ ላይ ለጥንቃቄዋ ምስጋና ይገባታል። በዚያው ቀን ስቶፕ ሎስ አስገባች፤ 290 ዶላር ላይ። ከገዛችበት 12% ዝቅ ይላል። ሒሳቧን በወረቀት ጽፋ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጥፋዋለች፤ «ቢበዛ 2,400 እከስራለሁ። ከዚያ በላይ አልፈቅድም»። ወረቀቱን በኋላ አይቼዋለሁ። «አልፈቅድም» የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ፌብሯሪ 19 ገበያው እስከዚያ ድረስ ያልደረሰበት ከፍታ ላይ ተዘጋ። ፈንዱ 338 ዶላር። ከዚያ የኮሮናው ወሬ ከጣሊያን ሲመጣ ቁልቁለቱ ተጀመረ። ሰኞ ፌብሯሪ 24 ቀን 322 ሆነ። ማክሰኞ 313 ገደማ። ሐሙስ ማታ ሲዘጋ 297.51። ስቶፕ ሎሷ ሊነካ የቀረው ሰባት ዶላር ተኩል ነው።

ያን ሌሊት ምን እንደሆነ የነገረኝ ስልኳ ነው። አክሲዮን የሚገዛላትና የሚሸጥላት ብሮከር አፕ ውስጥ የትዕዛዝ ታሪክ የሚያሳይ ገጽ አለ። ከትዕዛዟ አጠገብ «Canceled» ይላል። ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት በፊት፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው። «ምን አስበሽ ነው?» አልኳት። «የቤቴ ብር ነው፤ ጠዋት ተነስቼ ተሽጦ ባገኘው ልቤ ይቆማል ብዬ» አለችኝ። ተመልከት፣ ስቶፕ ሎሱን ያስገባችው የቤቷ ብር ስለሆነ ነበር። የሰረዘችውም የቤቷ ብር ስለሆነ ነው። ያው ምክንያት ቀን ላይ አስተዋይ አደረጋት፣ ሌሊት ላይ ፈሪ።

አሁን ወዳንተ ጥያቄ እየቀረብን ነው። ዓርብ ፌብሯሪ 28 ጠዋት ገበያው ሲከፈት ዋጋው 289 ዶላር ገደማ ነበር። ስቶፕ ሎሱ ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ደቂቃ ይሸጥባት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከ286 በታችም ወረደ። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ተነስቶ 296 ላይ ተዘጋ። በሚቀጥለው ረቡዕ፣ ማርች 4፣ 313 ገደማ ደረሰ።

ደስታዋን አስበው። ሥራ ቦታ ላለው ልጅ «ባልሰርዘው ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር» አለችው። ልክ አንተ እንደጻፍክልኝ፤ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ጥያቄህን ሳነብ የደነገጥኩት ለዚህ ነው።

በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ብዙ ሰው ሲከስር አይቻለሁ። የከፋውን ጉዳት የሚያደርሰው የመጀመሪያው ኪሳራ አይደለም። ሕጉን ጥሶ የተሸለመ ሰው ነው የሚጎዳው። ስቶፕ ሎስ የሰረዘ ሰው ዋጋው ወዲያው ቢወርድበት ይቀጣል፣ ይማራል፣ ሁለተኛ አይደግመውም። ዋጋው ከተመለሰለት ግን የሚማረው ሌላ ነገር ነው፤ «ስፈራ እሰርዘዋለሁ፣ ይመለሳል» የሚል። ይህን ትምህርት የሚከፍልበት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ፣ በትልቁ ውድቀት ላይ ነው። አንተ አሁን ያለኸው እሷ ማርች 4 ላይ በነበረችበት ቦታ ነው። ገበያው ነገ ይወድቃል ማለቴ አይደለም፤ እሱን ማንም አያውቅም። የተማርከው ትምህርት የተሳሳተ ነው ማለቴ ነው።

ያን ሳምንት «መልሼ አስገባዋለሁ» ብላ ነበር። የት ላይ? መጀመሪያ 290 አለች። ከዚያ «እሱማ ዓርብ ዕለት በከንቱ ይነካ ነበር፤ 280 ይሻላል» አለች። ከዚያ «ትንሽ ከፍ ይበልና» አለች። አላስገባችውም።

ቅዳሜና እሁድ፣ ማርች 7 እና 8፣ ሳዑዲ አረቢያ ከሩሲያ ጋር ተጣልታ የነዳጅ ዋጋዋን ቆረጠች። እሁድ ማታ፣ የአክሲዮን ገበያው ዝግ ሳለም የሚካሄደው የወደፊት ግብይት፣ ፊውቸርስ የሚሉት፣ ሲከፈት አምስት በመቶ ወርዶ፣ ከዚያ በታች እንዳይሄድ የተቀመጠው ገደብ ላይ ቆመ። ሰኞ ጠዋት ሦስት ተኩል ላይ ገበያው ሲከፈት ፈንዱ 275 ገደማ ነበር። ዓርብ የተዘጋው በ297 ነው። በመካከል 290 የሚባል ዋጋ አልታየም። 285ም፣ 280ም እንዲሁ። ተዘለሉ። ደቂቃዎች ሳይሞሉ ውድቀቱ ሰባት በመቶ ስለሞላ መላው ገበያ ለ15 ደቂቃ ቆመ። እንዲህ ያለ ማቆሚያ ከ1997 ወዲህ ሲሠራ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ወር ሦስት ጊዜ ተደገመ።

እዚህ ጋ ታሪኩን ትንሽ ላቁመው፤ ብዙ ሰው ስለ ስቶፕ ሎስ የማያውቀው ነገር እዚህ ጋ ስላለ።

ስቶፕ ሎስ ዋስትና አይደለም። 290 ብለህ ስታስገባ «በ290 ሽጥልኝ» ያልክ ይመስልሃል። ያልከው ግን «ዋጋው 290 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወዲያው በተገኘው ዋጋ ሽጥልኝ» ነው። 290 ደወል ነው እንጂ ዋጋ አይደለም። ያን ሰኞ 290 ላይ ስቶፕ የነበረው ሰው የሸጠው 275 አካባቢ ነው። በ60 ሼር ሲሰላ፣ ከጠበቀው በላይ 900 ዶላር ተጨማሪ ኪሳራ ማለት ነው። አንዳንዱ ይህን ለማምለጥ «Stop Limit» የሚለውን ይመርጣል። ደወሉም 290፣ ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ዋጋም 290 ይሁን ብሎ። ብልህነት ይመስላል። ያን ሰኞ ግን እንዲህ ያደረገ ሰው ምንም አልሸጠም፤ ደወሉ ጮኸ፣ 290 የሚከፍል ገዢ አልተገኘም፣ ትዕዛዙ ተንጠልጥሎ ቀረ። ፈንዱ 290ን መልሶ ያየው በኤፕሪል የመጨረሻ ቀናት ነው። በመካከሉ ያለውን ቁልቁለት ግን እስከ ታች ድረስ አብሮ ወርዷል።

ሌላም አለ። የኒው ዮርክ ስቶክ ኤክስቼንጅ ከፌብሯሪ 2016 ጀምሮ ስቶፕ ትዕዛዝ መቀበል አቁሟል። እንግዲህ ያንተ ትዕዛዝ የተቀመጠው ገበያው ላይ አይደለም። ብሮከርህ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ዋጋውን የሚከታተልልህ እሱ ነው። በአብዛኛው የሚከታተለውም ገበያው በይፋ ክፍት በሆነባቸው ሰዓታት ብቻ፣ ከጠዋቱ ሦስት ተኩል እስከ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ሌሊት የተፈጠረውን ጠዋት በመክፈቻው ነው የሚያየው። ትዕዛዙን ስታስገባ «Day» የሚል ከመረጥክ ደግሞ በዚያው ቀን ይሞታል። እስክትሰርዘው እንዲቆይ ከፈለግክ «GTC» የሚለውን መምረጥ አለብህ። እሱም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ ብሮከሮች ከተወሰኑ ወራት በኋላ ያነሱታል። ስንት ሰው ስቶፕ ሎስ አለኝ ብሎ ተኝቶ፣ ጊዜው ካለፈ ወር ሆኖት አግኝቻለሁ!

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ።

ማርች 9 ላይ ፈንዱ 274 ተዘጋ። ኪሳራዋ 3,360 ሆነ፤ ፍሪጁ ላይ ከጻፈችው አለፈ። «አሁንማ ብሸጥ ሞኝነት ነው፤ ወርዶ አልቋል» አለች። ሐሙስ ማርች 12 ቀን 248። ዓርብ ተነስቶ 269። «አላልኩም?» ሰኞ ማርች 16 ቀን 240። ይኸ የጥርስ ሕመም ዓይነት ነገር ነው፤ ዕረፍት እየሰጠ ይመለሳል፣ ለዚያ ነው ሐኪም ቤት የማትሄደው።

በዚያው ሳምንት የምትሠራበት ሆቴል እንግዳ አጣና ሠራተኛውን አሰናበተ። ለጊዜው ነው ተባለ። ደመወዝ ቆመ። ይህን ነጥብ በደንብ ያዝልኝ። ገበያውን የጣለው ነገር ደመወዟንም ጣለው፤ አንድ በሽታ ነው። ሰዎች «ቢወርድም ከደመወዜ እየጨመርኩ እጠብቃለሁ» ይላሉ። ሆቴል፣ ታክሲ፣ ፓርኪንግ፣ ኤርፖርት ለምንሠራ ሰዎች ይህ ስሌት ብዙ ጊዜ አይሠራም። የሀገሩ ኢኮኖሚ ሲታመም ቀድመን የምንመታው እኛ ነን።

ለኪራይ 1,500 ያስፈልጋታል። እናቷ አዲስ አበባ ናቸው፤ በየወሩ ትልክላቸዋለች። ሁለት ሳምንት ከቤት ሳትወጣ ግራፉን ስታይ ሰነበተች። በቀን ስንት ጊዜ እንደከፈተችው ስጠይቃት ሳቀችና «ስልኩ ሲሞቅ ነበር የምተወው» አለችኝ።

ሰኞ ማርች 23 ቀን 60ውንም ሼር ሸጠች። 222 ዶላር አካባቢ። 13,320 ዶላር በእጇ ቀረ። ከ19,800።

ያ ቀን የውድቀቱ የመጨረሻ ቀን ነበር። ያን ጠዋት የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ገበያውን ለመደገፍ በሚያስፈልገው መጠን ሁሉ ቦንድ እንደሚገዛ አስታውቆ ነበር። በማግስቱ ፈንዱ በአንድ ቀን 9% ዘለለ። ኦገስት መጀመሪያ ላይ እሷ የገዛችበት 330 ላይ ተመልሶ ነበር። ኦገስት 18 ቀን የፌብሯሪውን ከፍታ አለፈ።

አንተ እዚህ ላይ «ታዲያ ስቶፕ ሎሱን መሰረዟ አይደለም ጥፋቱ፣ መሸጧ ነው! ብትይዘው ኖሮ ምንም አልከሰረችም» ልትለኝ ነው። እውነት ነው። ኤፕሪል ላይ እኔ ዘንድ ስትመጣ ቁጭ ብለን በወረቀት ያወራነው ይህንኑ ነው፤ ያኔ ኦገስትን ባናውቀውም። ሦስት መንገዶች ነበሯት። በመጀመሪያው መንገድ ትዕዛዙን ትተወዋለች፤ ፌብሯሪ 28 ጠዋት በ289 ይሸጥና 17,340 ይዛ ትወጣለች። 2,460 ትከስራለች፤ ካሰበችው በ60 ዶላር ብቻ የበለጠ። በሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያውኑ ስቶፕ ሎስ አታስገባም፤ ብሩ የአሥር ዓመት ብር ነውና ግራፉን ዘግታ ትተኛለች፤ ኦገስት ላይ ሙሉ ብሯን ታገኛለች። ሦስተኛው፣ የሄደችበት፣ የሁለቱ ድብልቅ ነው። ለአጭር ጊዜ በሚያስብ ሰው ሕግ ገባች፣ በመካከል ለረጅም ጊዜ በሚያስብ ሰው ቋንቋ ተጽናናች፣ መጨረሻ ላይ የኪራይ ቀን ሲመጣ ወጣች። የመጀመሪያው መንገድ ኪሳራው የታወቀ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ይጠይቃል። ሦስተኛው ወለል የለውም።

ሁለተኛውን መንገድ ለምን አልሄደችበትም? ስላልቻለች። ብሩ ለሰኔ ነበር የሚፈለገው። ጊዜ የሌለው ብር መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ እውነተኛው የመጀመሪያ ስህተት ፌብሯሪ ላይ አይደለም የተሠራው፤ ጃንዋሪ ላይ ነው። በአምስት ወር ውስጥ የሚፈለግ የቤት ቅድመ ክፍያ አክሲዮን ውስጥ መግባት አልነበረበትም። ስቶፕ ሎሱን ያስገባችው ይህን ስህተት እንዲያርምላት ነው። ስቶፕ ሎስ ያን አያርምም። መጠኑም ከአቅሟ በላይ ነበር፤ 2,400 ዶላር ማጣት ከቤቱ የሚያስቀራት ከሆነ፣ ያንን ቁጥር ወረቀት ላይ መጻፍ ትችላለች እንጂ ሌሊት ላይ ልትቀበለው አትችልም። ለዚያም ነው እጇ የሰረዘው።

ብዙ ሰው ስቶፕ ሎሱን ይመርጥና ከዚያ ያለውን ብር ሁሉ ያስገባል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ «ምን ያህል ቢጠፋብኝ ራት እበላለሁ፣ እተኛለሁ?» ብለህ ጠይቅ። ለእሷ 600 ዶላር እንበል። ከ330 እስከ 290 በአንድ ሼር 40 ዶላር ነው። 600ን ለ40 ስታካፍለው 15 ሼር። መግዛት የነበረባት 60 ሳይሆን 15 ሼር ነበር፤ 5,000 የማይሞላ ብር። በ15 ሼር ቢሆን ያን ሐሙስ ሌሊት ስልኩን የምታነሳው አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ የምነግርህ እሷ ራሷ ያመጣችው ሐሳብ ነው፤ እኔ ከማንም የገንዘብ ባለሙያ የተሻለ ነገር አልሰማሁም።

ከዓመት በኋላ ሥራ ጀምራ፣ እንደገና ዕቁብ ገብታ፣ መጣች። «አሰብኩበት» አለችኝ። «ዕቁብ ላይ አንድም ወር አሳልፌ አላውቅም። ስታመምም ከፍያለሁ፣ ሥራ ሳጣም ተበድሬ ከፍያለሁ። ታዲያ እዚያ ሕግ የማከብር ሰው፣ ስልኬ ላይ ለምን አቃተኝ?» መልሱንም ራሷ ሰጠች። «ዕቁብ ዳኛ አለው። ጸሐፊ አለው። ዋስ አለው። ልቅር ብል ለዳኛው ፊት ለፊት ምክንያት መናገር አለብኝ፤ አፍራለሁ። ስልኬ ላይ ግን ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ ዳኛዋ እኔ፣ ጥፋተኛዋም እኔ። ማን ይፈርድብኛል?»

ከዚያ እህቷን ዳኛ አደረገች። ቀልድ አይደለም። እህቷ ስለ ስቶክ ምንም አታውቅም፤ ለዚያም ነው የተመረጠችው። ሕጉ ይህ ነው፦ ስቶፕ ሎሱ ወደ ላይ ከሆነ የፈለገችው ጊዜ ትገፋዋለች። ወደ ታች ማውረድ ወይም መሰረዝ ከፈለገች ግን ለእህቷ ደውላ ምክንያቷን በቃሏ ትናገራለች፣ ከዚያ አንድ ቀን ትቆያለች። ምክንያቱ ደግሞ ዋጋው መውረዱ ሊሆን አይችልም። «ስለወረደ ነው» ካለች እህቷ ስልኩን ትዘጋለች።

እስከዛሬ ስንት ጊዜ እንደደወለች ጠየቅኳት። ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ ስልኩ ተዘግቶባታል።

ብሯንም ከፋፈለችው። ለቤት የሚሆነው መንግሥት እስከ 250,000 ዶላር ዋስትና በሚሰጠው የባንክ ቁጠባ ሒሳብ ውስጥ ገባ፤ አያድግም ማለት ይቻላል፣ አይወርድም። ለጡረታ የሚቆረጠው ኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ ነው፤ እሱ ላይ ስቶፕ ሎስ የለም፣ እንዲኖርም አልመከርኳትም። ሃያ ዓመት ለሚቆይ ብር ስቶፕ ሎስ በየውድቀቱ ከገበያው እያስወጣ፣ መቼ እንደምትመለስ ሳይነግርህ የሚተውህ ነገር ነው። መውጫ አለው፣ መግቢያ የለውም። ቀሪዋ ትንሽ ብር ናት፤ አንድ ሁለት የኩባንያ አክሲዮን የምትሞክርበት። ስቶፕ ሎስ ያለው እዚያ ብቻ ነው። አንድ ኩባንያ ወድቆ ላይነሳ ይችላል፤ መላው የአሜሪካ ገበያ ከወደቀ እስካሁን ያልተነሳበት ጊዜ የለም፣ ዓመታት ቢፈጅም።

በ2022 ገበያው ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር ሩብ ያህሉን አጣ። የቀድሞ ከፍታው ላይ የተመለሰው ጃንዋሪ 2024 ነው። ሁለት ዓመት ማለት ነው፤ እንደ 2020ው ስድስት ወር አልነበረም። የጡረታ ሒሳቧ ሲወርድ አይታለች። «ከፈትኩት፣ አየሁት፣ ዘጋሁት» አለችኝ። የቤቱ ብር ግን አልተነካም።

እንግዲህ ወዳንተ። መልሼ ላስገባው ወይ ላልከው፣ አዎ ወይም አይ ብዬ ልመልስልህ አልችልም፤ ምክንያቱም ዋናውን ነገር አልነገርከኝም። 8,000 ዶላሩ ለምንድን ነው? መቼ ትፈልገዋለህ?

በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ለሠርግ፣ ለቤት፣ ቤተሰብ ለማምጣት የሚፈለግ ከሆነ፣ ስቶፕ ሎስ አታስገባ፤ ሽጠው። አሁን ትርፍ ላይ ነኝ ብለሃል፤ ከዚህ የተሻለ መውጫ አታገኝም። ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመት የማትነካው ከሆነም ስቶፕ ሎሱን አታስገባ። ይልቅ ስድስት ወር የሚያኖርህ ብር ለብቻው ባንክ መኖሩን አረጋግጥ፤ ሴትዮዋን ያሸጣት ግራፉ አልነበረም፣ ኪራዩ ነው። ሁለቱም ካልሆነ፣ ማለትም ዋጋ ለመከታተል የያዝከው ብር ከሆነ፣ አስገባው። ግን መጀመሪያ መጠኑን አስተካክል። ከ8,000 ላይ 10% ማለት 800 ነው፤ በመክፈቻ ዝላይ ከተነካ 1,100 እና 1,200ም ሊሆን ይችላል። ያን ቁጥር ስታየው ሆድህ ከተገላበጠ ግማሹን ሽጥና በቀሪው ላይ አስገባ።

ዋጋው እንዲህ ሲመለስ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ስቶፕ ሎሱ ነክቶህ በኪሳራ ከተሸጠ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ያንኑ ፈንድ መልሰህ ከገዛህ፣ ኪሳራውን የዚያን ዓመት ታክስ ላይ መቀነስ አትችልም፤ በአዲሱ ግዢ ዋጋ ላይ ይደመራል። አለዚያ ግን ኪሳራህ መጀመሪያ ከአክሲዮን ትርፍህ ላይ ይቀነሳል፤ የተረፈው ደግሞ በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ከደመወዝህ ላይ ይቀነሳል፣ ከዚያም የሚተርፈው ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ሴትዮዋ የ6,480 ዶላሩን ኪሳራ በሦስት ዓመት ታክስ ላይ ነው የጨረሰችው። የቤቱን ብር አልመለሰላትም፤ የተወሰነውን ግን አቀለለላት።

አሁን አፑን ክፈትና የትዕዛዝ ታሪኩን ገጽ ፈልግ። «Canceled» ከሚለው አጠገብ ያለውን ቀንና ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፈው። ሌሊት ነበር? ማንን አማክረህ ነበር? ከዚያ ብሩ ለምን እንደሆነና መቼ እንደምትፈልገው ጽፈህ ላክልኝ። ዳኛ የምታደርገውን ሰውም አስብበት፤ ብቻ ያ ስህተት ሠራህ ያለህ ጓደኛህ ባይሆን ይሻላል። እሱ ስቶክ ያውቃል፤ ሌሊት ብትደውልለት ሁለታችሁም ግራፉን ማየት ትጀምራላችሁ።